«ቤንዚን እንዲህ ተወዶ አያውቅም» የተባለበት ክር

ይህን ክር ያገኘሁት የመኪና ኢንሹራንስ ነገር ስፈልግ ነው። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያሉ የሀበሻ ሹፌሮች የሚጻጻፉበት መድረክ ላይ ነው። ኢንሹራንሱን ረስቼ እስከ እኩለ ሌሊት ሳነብ ቆየሁ። ከሥሩ 27 መልሶች አሉ፤ በየቁጥራቸው እነግራችኋለሁ። ጸሐፊዎቹን ግን በስም አልጠራም። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ እ.ኤ.አ. ስል የፈረንጁን፣ ዓ.ም. ስል የኛን አቆጣጠር ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ወደ ታች ስትደርሱ ታዩታላችሁ።

ክሩን የከፈተው አንድ ሹፌር ነው፤ ጊዜው የጁላይ 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ። የጁን ወር የቤንዚን ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ለጥፏል። አንድ ጋሎን 5 ዶላር ከ1 ሳንቲም ይላል። ሃያ ዓመት ስነዳ እንዲህ ያለ ዋጋ አይቼ አላውቅም ባይ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ሰው ሁሉ ያለቀሰበት ዋጋ 4 ዶላር ከ11 ሳንቲም ነበር፣ ዛሬ ያንን የሚመልስልን ቢገኝ በእልልታ ነበር የምንቀበለው ይላል። ከዚያ ጥያቄ የመሰለ ፉከራ ወረወረ፦ ቤንዚን ከዚህ በላይ ተወዶ ያውቃል የሚል ካለ ይምጣ።

ቁጥር 1 እና 2 አዎ እውነትህን ነው ብለው አለፉ። ቁጥር 2 ላይ ያለው ሰው መንግሥትንም ትንሽ ሰደበ።

ቁጥር 3 ላይ አንዲት ሴት ገባች። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሹፌሮችን ታክስ የምትሠራ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ወንድሜ ብላ ጀመረች፤ አነጋገሯ ለስላሳ ነው። ደረሰኙ ትክክል ነው፣ የዚያ ሳምንት የአገር አቀፉ አማካይም ያው 5.01 ነበር። 4.11 ያልከውም የጁላይ 2008 እ.ኤ.አ. አማካይ ነው፣ እሱም ልክ ነው። ስህተቱ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥህ ላይ ነው አለችው። የያኔው ዶላርና የዛሬው ዶላር ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አንድ አይደሉም።

ከዚያ ደረጃ በደረጃ አሳየችው። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየወሩ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ የሚባል ቁጥር ያወጣል። ከቤት ኪራይ እስከ እንቁላል ያለውን ዋጋ አንድ ላይ ሰብስቦ ነው የሚያወጣው። የአንዱ ወር ቁጥር የሚወጣው በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ላይ ስለሆነ የጁን ቁጥር ገና መውጣቱ ነው። የጁላይ 2008 እ.ኤ.አ. 219.964፣ የጁን 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ 296.311 ነው። አዲሱን ለአሮጌው ስታካፍል 1.347 ይመጣል። ያኔ በ1 ዶላር የሚገዛው ነገር ዛሬ 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ያህል ይጠይቃል ማለት ነው። የያኔውን ቤንዚን በዚህ አባዛችው፦

```
4.11 × (296.311 ÷ 219.964) = 5.54
```

በዛሬ ገንዘብ ሲተመን የ2008 እ.ኤ.አ. ቤንዚን 5 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነበር። የአንተ ደረሰኝ ከዚያ በ53 ሳንቲም ያንሳል አለችና ወጣች።

ቁጥር 4 ሹፌሩ ራሱ ነው። ተናዷል። ማደያው የጠየቀኝ 5.01 ነው፣ 5.54 የሚባል ነገር የትም ማደያ ላይ ተጽፎ አላየሁም ይላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የከፈልኩት ደግሞ 4.11 እንጂ የወረቀት ላይ ዋጋ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ስሜቱ ገብቶኛል። ከኪስህ የወጣውን ገንዘብ ሌላ ሰው በሌላ ቁጥር ሲነግርህ የተሰረቅህ ያህል ይሰማሃል።

ቁጥር 5 ላይ አንድ ጎረምሳ የሚመስል ልጅ እኔም ሠርቼዋለሁ፣ የመጣልኝ 3 ዶላር ከ5 ሳንቲም ነው አለ። ሴትየዋ ውሸታም ናት እስከማለት ደረሰ። አንድ ሰው ስርዓት ያዝ ያለው ቁጥር 6 ላይ ነው።

ሴትየዋ ግን አልተቆጣችም። ቁጥር 7 ላይ ልጁ የት እንደሳተ ነገረችው። አሮጌውን ለአዲሱ አካፍሎ ነው ያባዛው፤ ክፍልፋዩን ገልብጦታል። ይህን ስህተት ለመያዝ ሂሳብ መቻል አያስፈልግም አለች። በሁለቱ ወራት መካከል ኑሮ ከተወደደ፣ አሮጌው ዋጋ ወደ ዛሬ ሲመጣ ማደግ አለበት። ካነሰብህ ገልብጠሃል። ልጁ አልመለሰላትም። ያን ጊዜ ማለቴ ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሞቀ። ቁጥር 8 ላይ የመጣው ሰውዬ ብዙ ያነበበ ነው፣ አጻጻፉም ያስታውቃል። ሴትየዋ መንገዷ ልክ ነው፣ መለኪያዋ ግን ልክ አይደለም ይላል። የቤንዚንን ዋጋ በእንቁላልና በቤት ኪራይ መለካት ምን ይሉታል? ቢሮው የቤንዚን ብቻ የሆነ መለኪያ አለው፣ መጠቀም ያለብን ያንን ነው። ሦስት ሰዎች ወዲያው ደገፉት። እኔም መጀመሪያ ላይ ልክ መስሎኝ ነበር።

ቁጥር 9 ላይ ድሮ አዲስ አበባ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው መለሱለት። በክሩ ውስጥ ሁሉም ጋሼ ነው የሚሏቸው። ጽሑፋቸው አጭር ናት። ልጄ፣ ቤንዚንን በቤንዚን ከለካኸው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አልተወደደም፣ አልረከሰም ይልሃል። የቤንዚን ዋጋ እጥፍ ቢሆን የቤንዚኑም መለኪያ እጥፍ ይሆናል። ስታካፍል ይሰረዛሉ። አንድን ሰው በራሱ ጥላ እንደመለካት ነው። እኛ የምንጠይቀው ቤንዚን ከሌላው ነገር ይልቅ ተወዷል ወይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሌላው ነገር ዋጋ ያስፈልገናል።

ግን ሙሉ በሙሉ አልጣሉትም። ሰውዬው የነካው ነገር አለ አሉ። ቤንዚን ራሱ በአጠቃላዩ መለኪያ ውስጥ አለበት። ሁለቱም ወራት ቤንዚን ጫፍ የነካባቸው ስለሆኑ መለኪያውንም ትንሽ ወደ ላይ ጎትቶታል። የአሜሪካ ቤተሰብ ለቤንዚን የሚያወጣው ግን ከ100 ዶላር 5 ያህሉን ስለሆነ መልሱን የሚገለብጥ አይደለም። ዕቃው የወጪው ግማሽ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር አሉ። ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያኔ ልብ ያላት ሰው አልነበረም።

ቁጥር 10 እና 11 ከርዕሱ ወጡ። አንድ አንጋፋ ታክሲ ነጂ 2008 እ.ኤ.አ. ሲባል ትዝ የሚለው ቤንዚኑ አይደለም፣ ዞኑ ነው። ዲሲ ውስጥ እስከዚያ ዓመት ጸደይ ድረስ ታክሲ በቆጣሪ ሳይሆን በዞን ነበር የሚሠራው። ከተማዋ ካርታ ላይ ተከፋፍላ፣ ስንት ዞን እንደተሻገርክ ታይቶ ነበር የሚከፈለው። ከንቲባ ፌንቲ ቆጣሪ ይግባ አሉና ገባ። ነጂው ካርታውን ከወንበሩ ጀርባ ካለው ኪስ አውጥቶ ለተሳፋሪ ሲያሳይ፣ ተሳፋሪውም በጣቱ መስመሩን እየተከተለ ሲከራከረው የነበረውን ሁሉ ተረከልን። ካርታው መታጠፊያው ላይ ተቀዶ በፕላስተር የተያያዘ ነበር። ሌላው መጥቶ ዞን ይሻል ነበር፣ አይ ቆጣሪ ይሻላል ተባባሉ። ቁጥር 12 ላይ አንድ ሰው ወደ ጉዳያችን እንመለስ ወይስ ከንቲባ እንምረጥ ብሎ ተሳለቀ። እኔ ግን የዞኑን ነገር ወድጄዋለሁ።

ቁጥር 13 ላይ ወደ ነገሩ የመለሰን ሰው ነገር ፈላጊ ነው፣ ግን ጥሩ ነገር ይዞ መጣ። 2008 እ.ኤ.አ. ስትሉ የቱን 2008 ነው? ብሎ ጠየቀ። በጁላይ ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል ከ140 ዶላር በላይ ነበር። ባንኮቹ ሲናጉ ዲሴምበር ላይ ከ40 በታች ወረደ። ማደያ ላይ ያለው ዋጋም በዓመቱ መጨረሻ 1 ዶላር ከ61 ሳንቲም ደረሰ። ያንን በሴትየዋ መንገድ ወደ ጁን 2022 ሲያመጣው 2 ዶላር ከ27 ሳንቲም ሆነለት። ስለዚህ የሹፌሩ 5.01 ከእጥፍ በላይ ነው! አንድ ዓመት፣ አንድ መንገድ፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ። ሴትየዋ ሆን ብላ ጁላይን መርጣለች ሊል ፈልጎ ነው መሰለኝ።

ሴትየዋ ቁጥር 14 ላይ መለሰች፤ በዚህ ጊዜ ቆጣ ብላለች። ጁላይን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፣ 4.11 ያለው ክሩን የከፈተው ሰው ነው አለች። የጠየቀውም ከዚህ በላይ ተወዶ ያውቃል ወይ ነው። ጫፍን ከጫፍ ጋር ነው ያስተያየሁት። ጫፍን ከጉድጓድ ጋር ካስተያየህ ምንም ነገር ተወደደ ማለት ትችላለህ። ዓመቱን በሙሉ ማየት የሚፈልግ አማካዩን ከአማካዩ ጋር ያስተያይ። የ2008 እ.ኤ.አ. የዓመት አማካይ 3.25 ገደማ ነበር፣ የ2022ቱ ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ ይታያል።

ቃሏን ጠብቃለች። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ ያንኑ መልስ አስተካክላ የጻፈችበት ማስታወሻ ከሥሩ አለ። 3.25 ወደ 2022 እ.ኤ.አ. ሲመጣ 4 ዶላር ከ42 ሳንቲም ይሆናል፤ የ2022 ትክክለኛ አማካይ ግን 3.95 ነበር። ዓመቱን በሙሉ ስታየውም የድሮው ነው የሚወደደው።

ቁጥር 15 ሌላ በር ከፈተ። ጸሐፊው ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠራ ሰው ነው። ዶላር ከዶላር ማስተያየት አይገባኝም፣ እኔ የማውቀው ስንት ደቂቃ እንደሠራሁለት ነው ይላል። በጁላይ 2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7 ዶላር ነበር። አንድ ጋሎን ለመግዛት 35 ደቂቃ ቆሜ መኪና አቆማለሁ። በጁን 2022 ክፍያው 15.20 ሆነ፤ አሁን 20 ደቂቃ ይበቃኛል። ለእኔ ረክሷል፣ ግሽበት የምትሉትን ለራሳችሁ ያዙት አለ።

ብዙ ሰው ይህን ወደደው። ቁጥር 16 ላይ ግን አንዲት የአትላንታ ልጅ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰችበት። እዚህ ጆርጂያ የሚሠራው የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ነው አለች። ያኔ 5.85 ነበር፣ ዛሬ 7.25 ነው፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ስታሰላው በ2008 አንድ ጋሎን 42 ደቂቃ ሥራ ነበር፣ በ2022 ደግሞ 41 ደቂቃ ተኩል። የአንተ ጋሎን በግማሽ ሊረክስ ሲል የእኔ ካለበት አልተነሳም። ሁለታችንም የገዛነው አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው አለችው። ጋሼ ከሥሯ አንዲት መስመር ጨመሩ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የጠየቃችሁት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ዕቃው ተወደደ ወይ እና እኔ ልገዛው ቻልኩ ወይ ለየብቻ መመለስ አለባቸው። ይህች ቁጥር 17 መሆኗ ነው።

ቁጥር 18 ከክራውን ቪክቶሪያ ወደ ፕሪየስ የተዛወረ ነጂ ነው። አሮጌው መኪናው ከተማ ውስጥ በጋሎን 16 ማይል ነበር የሚሄድለት፣ አዲሱ 48 ይሄዳል። የዛሬ ገንዘብ አድርጎ ሲያሰላው ያኔ አንድ ማይል 35 ሳንቲም ይበላ ነበር፣ አሁን 10 ሳንቲም ገደማ ነው። ክሩን የከፈተው ሹፌር እዚህ ላይ ተመልሶ የማይረሳ ነገር ተናገረ። እኔ ፕሪየስ የለኝም፣ የሌላ ሰው መኪና ለእኔ ቤንዚን አያረክስልኝም። ልክ ነው አይደል?

ከዚያ ክሩ ተኛ። ስምንት ወር ያህል ማንም አልጻፈበትም። የቀሰቀሰው ቤንዚን ሳይሆን ጤፍ ነው።

ቁጥር 19 የተጻፈው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ነው። ጊዜውን የምታስታውሱት ታውቃላችሁ፤ የጤፍ ዋጋ የእያንዳንዱ ስልክ ጥሪ ወሬ ነበር። ጸሐፊዋ አዲስ አበባ ያሉት እናቷ አንድ ኩንታል ጤፍ በ10,000 ብር ገዝተው ደውለውላታል። እናትየው የወጪ ደብተር የሚይዙ ሰው ናቸው። በድሮው ደብተራቸው ጥር 2000 ዓ.ም. ላይ አንድ ኩንታል 700 ብር ተብሎ ተጽፏል። የገጹን ፎቶ አያይዛለች። በእርሳስ ነው፤ ከጤፉ በላይ ዘይት፣ ከጤፉ በታች የወፍጮ ቤት ይላል። ደርግ የወደቀ ዕለት እንኳን እንዲህ አልደነገጥኩም አሉኝ ትላለች። እስቲ እዚህ ቁጥር የምታውቁ፣ ጤፉ በእውነት ተወዷል ወይስ ብሩ ነው የወደቀው ብላ ጠየቀች።

ቁጥር 20 ላይ ያ የብዙ ንባብ ሰውዬ ቀድሞ ደረሰ። ይህ ቀላል ነው ብሎ ከዓለም ባንክ የኢትዮጵያን የዓመት መለኪያ አወጣ። የ2000ን መስመር ወስዶ አካፈለ፣ አባዛ። ውጤቱ ጤፍ በጣም ረክሷል የሚል ሆነ። ለእናትሽ ደስ ይበልሽ ብለሽ ንገሪያት ሁሉ ብሏል።

ቁጥር 21 የአትላንታዋ ልጅ ናት። ምን እንዳደረገ ወዲያው ገባት። የደብተሩ 2000 የኛ 2000 ነው፤ ጥር 2000 ዓ.ም. ማለት ጃንዋሪ 2008 እ.ኤ.አ. ነው። አንተ የወሰድከው የፈረንጁን 2000 ነው። በእነዚያ ስምንት ዓመታት የአገሪቱ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ስለዚህ መልስህም ከእጥፍ በላይ የተነፋ ነው አለችው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ እ.ኤ.አ. እና ዓ.ም. ለዩልኝ ያልኳችሁ። የኛ ሰው የድሮ ዋጋ ሲያስታውስ በኛ ዓመት ነው፣ ሰንጠረዡ የሚወጣው በፈረንጅ ነው። ይህን የሳተ ሌላው ሁሉ ቢሳካለትም ዋጋ የለውም። ሰውዬው ይቅርታ አልጠየቀም። ሰንጠረዡ ግልጽ አይደለም ብሎ አለፈ።

ቁጥር 22 የዓመት ግሽበቱን አንድ በአንድ እየደመረ የመጣ ሰው ነው። 2021 እ.ኤ.አ. 27፣ 2022 ደግሞ 34፣ ስለዚህ በሁለቱ ዓመታት 61 በመቶ አለ። ሴትየዋ ከረጅም ዝምታ በኋላ እዚህ ላይ ብቅ አለች። ግሽበት አይደመርም፣ ይባዛል። ሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው መጀመሪያው ዓመት ባበጠው ዋጋ ላይ ነው። 100 ብር የነበረው 127 ይሆናል፣ የ127ቱ 34 በመቶ ሲጨመርበት 170 ይደርሳል። በሁለት ዓመት ብቻ 9 ብር ሳትህ፣ አሥራ አምስት ዓመት ብትሄድ የት ልትደርስ ነው አለችው።

ቁጥር 23 ላይ አንድ የዱባይ ሰው አቋራጭ አለኝ ብሎ መጣ። ብሩን ተዉት፣ በዶላር አስቡት። ያኔ ዶላር 9 ብር ከ20 ሳንቲም ገደማ ስለነበር 700 ብር 76 ዶላር ነው። የአሜሪካን ግሽበት ሲያክልበት 109 ዶላር ሆነ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በነበረው የባንክ ምንዛሪ፣ ማለትም በ54 ብር ሲመልሰው 5,900 ብር ገደማ መጣለት። ጤፉ 10,000 ነው፤ ስለዚህ በደንብ ተወዷል።

ቁጥር 24 ክሩን የከፈተው ሹፌር ነው፤ በአንድ መስመር አፈረሰው። ባለፈው ሳምንት ለእናቴ የላክሁት ዶላር በ54 አልተመነዘረም አለ። በጥቁር ገበያው 100 ብር አስበው። ያው 109 ዶላር ወደ 10,900 ብር ይሄዳል፣ ጤፉም ረከሰ ማለት ነው! ምንዛሪ ራሱ ዋጋ ነው፣ የራሱ መውጣትና መውረድ አለው ብሎ የጨመረው አረፍተ ነገር ከጋሼ የተማረው ይመስለኛል። እዚህ ላይ ስለ ሐዋላና ስለ ጥቁር ገበያ ጭቅጭቅ ተነሳ፤ አንዱ አገር ትሸጣላችሁ አለ፣ ሌላው አንተ በየት ነው የምትልከው አለው። ከአወያዮቹ አንዱ የተወሰነውን አጥፍቶታል።

ጋሼ ቁጥር 25 ላይ ሲመጡ ልጅቷን ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። ረጅም ነው የጻፉት፣ ሦስቱን ነገር ብቻ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ስለ ወሩ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ግሽበት በአማካይ 44 በመቶ ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት ጥርና ነሐሴ አንድ አይደሉም። የአሜሪካን ዓመት በዓመት ብትሠሪው ትንሽ ነው የምትስቺው፤ ይህንን ግን የግድ በወሩ መፈለግ አለብሽ። እናትሽ ወሩን መጻፋቸው ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ስለ መነሻው ነው። የኛ መሥሪያ ቤት መነሻ ወሩን በየጊዜው ይቀይራል። አንዱ መነሻ ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ነበር፣ ቀጥሎ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሆነ። በእያንዳንዱ ጊዜ ቁጥሩ እንደገና ከ100 ይነሳል። የድሮውን መጽሔት ቁጥር ለአዲሱ መጽሔት ቁጥር በቀጥታ ብታካፍዪ የማይረባ ነገር ይወጣል። ሁለቱም መነሻዎች የሚገኙበትን አንድ ወር ፈልጊ። በዚያ ወር አሮጌው 160 ቢል አዲሱ ደግሞ 100 ቢል፣ የአዲሱን ቁጥሮች ሁሉ በ1.6 አባዢ፤ አንድ ገመድ ይሆኑልሻል። 160 ያሉት ለምሳሌ ነው፤ እንደ ትክክለኛ ቁጥር የያዘ ሰው ቁጥር 26 ላይ ገብቶ ሊከራከራቸው ሞክሯል፣ እኔ ዘልዬዋለሁ። መገጣጠሙ ካልተሠራ እንዴት ይታወቃል ላላችሁ፣ ኑሮ እየተወደደ ቁጥሩ በአንድ ወር ውስጥ ድንገት ቁልቁል ወርዶ 100 ላይ ካረፈ የረከሰ ነገር የለም። መነሻው ነው የተቀየረው።

ሦስተኛው ቤንዚኑ ላይ ያሏትን ያቺን ዓረፍተ ነገር የሚመልስ ነው። በአሜሪካ ቤንዚን ከ100 ውስጥ 5 ነው። በኢትዮጵያ መለኪያ ግን ምግብ ከግማሽ በላይ ነው፣ ከምግቡ ውስጥ ደግሞ እህል ትልቅ ቦታ አለው። ጤፍ ሲወደድ መለኪያው አብሮ ይወደዳል። ስለዚህ ጤፍን በአጠቃላዩ መለኪያ ስትለኪው በከፊል ጤፍን በጤፍ መለካትሽ ነው፣ መወደዱም ከእውነቱ ያነሰ ይመስልሻል። ከቻልሽ ምግብ ነክ ባልሆኑት ዕቃዎች መለኪያም አስልተሽ ሁለቱን መልስ ጎን ለጎን አስቀምጪ። ይኸኔ ነው የቁጥር 8ቱ ሰውዬ ትዝ ያለኝ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ማለታቸው ለካ ለዚህ ነው።

ከዚያ ልጅቷን አንድ ጥያቄ ጠየቋት። የ2000ው ማኛ ነበር ወይስ ሰርገኛ? የዘንድሮውስ? ማኛን ከሰርገኛ ጋር ካስተያየን ከላይ ያልነው ሁሉ ከንቱ ነው። እናቴን ጠይቄ እመለሳለሁ አለች። እስካነበብኩበት ሌሊት ድረስ አልተመለሰችም። የጤፉም መልስ በዚያው ቀረ።

ቁጥር 27 የመጨረሻው ነው፣ የሹፌሩ። በማርች 2023 እ.ኤ.አ. ቤንዚን የቀዳው በ3 ዶላር ከ42 ሳንቲም ነበር፤ የአገር አቀፉ አማካይም በዚያ ወር ያው ነበር። ደረሰኙን እንደ ልማዱ ለጥፏል። በዚህ ጊዜ ግን ሂሳቡን ራሱ ሠርቷል፣ እንዲያውም ወደ ኋላ። ይህ ዋጋ በጁላይ 2008 እ.ኤ.አ. ገንዘብ ስንት ይሆን ነበር ብሎ፣ የያኔውን 219.964 ለማርች 2023 እ.ኤ.አ. 301.836 አካፍሎ በ3.42 አባዛው። 2 ዶላር ከ49 ሳንቲም መጣለት። ያኔ 4.11 ከፍዬ ሳለቅስ 2.49 ቢሉኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር ብሎ ጨረሰ።

ከሥሩ ቁጥር የሌላት አጭር አስተያየት አለች። ያ የቁጥር 5 ልጅ ነው፣ ከብዙ ወራት በኋላ ተመልሶ። ጋሽዬ፣ አሮጌውን ለአዲሱ ነው ያካፈሉት፣ አልገለበጡትም? ብሎ ሹፌሩን ይጠይቃል። እስካሁን የመለሰለት የለም።